መነሻው፣ እንቅስቃሴው፣ መዝጊያው፦ የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫን መፈተሽ

የጥሬ ገንዘብ ፍሰት መግለጫ ለሚፈትሸው ሰው የሚመች አንድ ጠባይ አለው፤ መልሱ አስቀድሞ ይታወቃል። በዓመቱ መጨረሻ በካዝናና በባንክ ስንት ገንዘብ እንደነበረ በሀብትና ዕዳ መግለጫው፣ በተለምዶ ባላንስ ሺት በምንለው ላይ ተጽፏል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ስንት እንደነበረም እዚያው ከጎኑ አለ። የፍሰት መግለጫው ሥራ በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለውን መንገድ ማሳየት ብቻ ነው። መነሻው ላይ የገባው ሁሉ ተደምሮ፣ የወጣው ሁሉ ተቀንሶ መዝጊያው ላይ ካላደረሰ መንገዱ ላይ የተሳሳተ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ቀላል ይመስላል። ስሌቱም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ የሚችለው ነው። ነገር ግን ብዙ ሰው ሲፈትሽ የሚሠራው አንድ ስሕተት ፈተናውን ከንቱ ያደርገዋል፤ መዝጊያውን ከራሱ ከፍሰት መግለጫው ይወስዳል። መዝጊያው ቀድሞውኑ መነሻውንና እንቅስቃሴዎቹን በመደመር የተገኘ ከሆነ ሁልጊዜም ይገጥማል፤ መስመሮቹ ሁሉ የተሳሳቱ ቢሆኑ እንኳ። ፈተና የሚሆነው መዝጊያው ከሌላ ቦታ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከመደመር በፊት ሁለቱን ጫፎች ከውጭ ማምጣት ይቀድማል።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንድ ድርጅት ያዘጋጀው ረቂቅ መግለጫ ይህ ነው። ቁጥሮቹ በሺህ ናቸው፤ በቅንፍ ያለው ተቀናሽ ነው።

| መስመር | መጠን |
|---|---|
| በዓመቱ መጀመሪያ የነበረ ጥሬ ገንዘብ | 1,840 |
| የዓመቱ ትርፍ | 2,346 |
| የእርጅና ቅናሽ | 640 |
| ከተሽከርካሪ ሽያጭ የተገኘ ትርፍ | (90) |
| በእጅ ባለ የውጭ ምንዛሪ ላይ የታየ ትርፍ | (36) |
| የተሰብሳቢ ሒሳብ ለውጥ | (475) |
| የዕቃ ክምችት ለውጥ | 180 |
| የተከፋይ ሒሳብ ለውጥ | 265 |
| ከመደበኛ ሥራ የተገኘ | 2,830 |
| ለመሣሪያ ግዢ የተከፈለ | (1,520) |
| ከተሽከርካሪ ሽያጭ የተሰበሰበ | 210 |
| ለኢንቨስትመንት የዋለ | (1,310) |
| የተወሰደ ብድር | 800 |
| የተመለሰ ብድር | (450) |
| የተከፈለ የትርፍ ድርሻ | (600) |
| ለፋይናንስ የዋለ | (250) |
| የተጣራ ጭማሪ | 1,270 |
| በዓመቱ መጨረሻ ያለ ጥሬ ገንዘብ | 3,110 |

መግለጫው በራሱ ውስጥ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። 1,840 እና 1,270 ሲደመሩ 3,110 ናቸው። ንዑስ ድምሮቹም ልክ ናቸው። ሆኖም መግለጫው ስሕተት ነው።

ጫፎቹን ማግኘት

በባላንስ ሺቱ ላይ ያለው የጥሬ ገንዘብ መስመር ለዘንድሮ 2,736፣ ለአምና 1,895 ይላል። በፍሰት መግለጫው ላይ ያለው መነሻ ደግሞ 1,840 ነው። ገና ከመጀመሪያው 55 ይጎድላል። እዚህ ላይ ቸኩሎ «መነሻው ተሳስቷል» ማለት አይገባም፤ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «በዚህ መግለጫ ጥሬ ገንዘብ የተባለው ምን ምን ነው?» የሚለው ነው።

የፍሰት መግለጫን የሚገዛው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ደረጃ፣ አይኤኤስ 7፣ ጥሬ ገንዘብ የሚለው በእጅና በባንክ ያለውን ብቻ አይደለም። በአጭር ጊዜ ወደ ታወቀ የገንዘብ መጠን የሚለወጡና ዋጋቸው እምብዛም የማይዋዥቅ ተቀማጮችም አብረው ይቆጠራሉ። በተለምዶ እንዲህ የሚባለው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚደርስ ነው። «ከተገዛበት ቀን» የሚለውን ልብ ይሏል። ለስድስት ወር የተቀመጠ ገንዘብ ዓመቱ ሲዘጋ አንድ ወር ብቻ ቢቀረው ከዚህ ውስጥ አይገባም። ይህን የሚያሳስት ሰው መዝጊያውን ያለአግባብ ያሳብጣል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ መነሻው አብሮ ይሳሳትበታል።

ሌላው ኦቨርድራፍት ነው፤ በባንክ ሒሳቡ ካለው በላይ ወጪ ሲደረግ ለባንኩ የሚመጣ ዕዳ ማለት ነው። ባንኩ በጠየቀ ጊዜ የሚመለስና የድርጅቱ የዕለት ተዕለት የገንዘብ አያያዝ አካል የሆነ ኦቨርድራፍት፣ ማለትም ሒሳቡ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች የሚዋዥቅ ከሆነ፣ በአይኤኤስ 7 ከጥሬ ገንዘቡ ላይ ሊቀነስ ይችላል። በባላንስ ሺት ላይ ግን ከዕዳ ጎን ነው የሚቀመጠው። የእኛ ድርጅት አምና 55፣ ዘንድሮ 120 ኦቨርድራፍት አለበት። ስለዚህ የአምናው ጫፍ 1,895 ሲቀነስ 55፣ 1,840 ይሆናል፤ መነሻው ልክ ነው። የዘንድሮው ጫፍ ደግሞ 2,736 ሲቀነስ 120፣ 2,616 ነው። ይህ ድልድይ በማስታወሻ ላይ መጻፍ አለበት፤ ደረጃው የጥሬ ገንዘቡ ክፍሎች ተዘርዝረው በባላንስ ሺቱ ላይ ካሉት መስመሮች ጋር እንዲታረቁ ይጠይቃል። ማስታወሻው ከሌለ አንባቢው ያንን 55 ፍለጋ ሲባዝን ይውላል።

በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኦቨርድራፍቱ በአንዱ ጫፍ ተቀንሶ በሌላው ጫፍ መዘንጋት የለበትም። አምና ሳይቀነስ ዘንድሮ ቢቀነስ የ55 ልዩነት ይመጣል፤ መስመሮቹ ሁሉ ልክ ሆነው ሳለ ማለት ነው። በአሜሪካ የሒሳብ ደንብ ደግሞ ኦቨርድራፍት እንደ ብድር ታይቶ ለውጡ በፋይናንስ ክፍል ይገባል፤ ስለዚህ የሁለት አገር መግለጫ የሚያነጻጽር ሰው የትኛው ደንብ እንደተከተለ አስቀድሞ ማየት አለበት።

መነሻውን በተመለከተ ባላንስ ሺት ብቻ አይበቃም፤ አምና የታተመው የፍሰት መግለጫ መዝጊያም መታየት አለበት። ሁለቱ አንድ መሆን አለባቸው። የማይሆኑ ከሆነ የአምናው ሒሳብ ተከልሷል ወይም የጥሬ ገንዘብ ትርጉም ተለውጧል ማለት ነው፤ ሁለቱም በማስታወሻ መገለጽ ያለባቸው ነገሮች ናቸው። ማብራሪያ የሌለው የመነሻ ለውጥ ሲያጋጥም ከዚያ በታች ያለውን ከመደመር በፊት ቆሞ መጠየቅ ይሻላል።

ልዩነቱን ማንበብ

አሁን ትክክለኛው መዝጊያ 2,616 እንደሆነ አውቀናል። መግለጫው 3,110 ይላል። ልዩነቱ 494 ነው፤ መግለጫው ይህን ያህል አብዝቷል።

ልዩነት ሲገኝ ቁጥሩ ራሱ ስለ ስሕተቱ ዓይነት ይናገራል። መጀመሪያ ያንኑ ቁጥር በመስመሮቹ መካከልና በመዝገቡ ውስጥ መፈለግ ነው፤ ከተገኘ አንድ መስመር ተዘሏል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ቀጥሎ ግማሹን መፈለግ ነው። መቀነስ የነበረበት ቢደመር ልዩነቱ የዚያን መስመር እጥፍ ይሆናል፤ መቀነሱ ቀርቶ አንድ እጥፍ፣ መደመሩ ደግሞ ሌላ እጥፍ ስለሚጨምር። ሦስተኛው ልዩነቱን ለ9 ማካፈል ነው። ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ፣ ለምሳሌ 475 ተብሎ የነበረው 457 ተብሎ ሲጻፍ፣ ልዩነቱ 18 ነው፤ እንዲህ ያለ ልዩነት ምንጊዜም ያለ ቀሪ ለ9 ይካፈላል።

የእኛን 494 እንሞክረው። 494 የሚል መስመር የለም። ግማሹ 247 ነው፤ እሱም የለም። ለ9 ሲካፈል 54 ሆኖ 8 ይተርፋል። ሦስቱም አልሠሩም። እንዲህ ሲሆን የሚያስተምረን ነገር አለ፤ ስሕተቱ አንድ ሳይሆን ሁለትና ከዚያ በላይ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሁለት ስሕተቶች ተደባልቀው አንድ ቁጥር ሲሆኑ የየራሳቸውን መልክ ይሸፍናሉ። በዚህ ጊዜ ቁጥሩን ማፍጠጥ ትቶ መስመሮቹን አንድ በአንድ ወደ ምንጫቸው መመለስ ነው የሚያዋጣው።

መስመሮቹን ወደ ባላንስ ሺት መመለስ

ከጥሬ ገንዘብ ውጭ ያለ እያንዳንዱ የባላንስ ሺት ሒሳብ አምናና ዘንድሮ ያለው ልዩነት በፍሰት መግለጫው ላይ ሙሉ በሙሉ ማለቅ አለበት። ይህ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ባላንስ ሺት ሁለት ጎኑ እኩል ስለሆነ የሌሎቹ ሒሳቦች ለውጥ በሙሉ ከተቆጠረ የሚቀረው የጥሬ ገንዘቡ ለውጥ ብቻ ነው። አንዱ ሒሳብ ከተዘለለ ወይም ምልክቱ ከተገለበጠ ልዩነቱ መዝጊያው ላይ ይወጣል።

ምልክቱ የሚወሰነው እንዲህ ነው። ሀብት ሲጨምር ገንዘብ ወጥቶበታል፣ ስለዚህ ይቀነሳል፤ ሀብት ሲቀንስ ገንዘብ ተመልሷል፣ ስለዚህ ይደመራል። ዕዳ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሲጨምር ገንዘብ ገና አልወጣም፣ ይደመራል፤ ሲቀንስ ተከፍሏል፣ ይቀነሳል።

ተሰብሳቢ ሒሳብ ከ1,930 ወደ 2,405 አድጓል፤ 475 ጨምሯል፣ ሀብት ነው፣ ይቀነሳል። ረቂቁም (475) ይላል፤ ልክ ነው። የዕቃ ክምችት ከ1,460 ወደ 1,280 ወርዷል፤ 180 ይደመራል፤ እሱም ልክ ነው። ተከፋይ ሒሳብ ከ1,105 ወደ 840 ወርዷል። ዕዳ ነው፣ በ265 ቀንሷል፤ አቅራቢዎች ተከፍሏቸዋል ማለት ነው። መቀነስ ነበረበት። ረቂቁ ግን 265 ደምሮታል። አንደኛው ስሕተት ተገኘ፤ ዋጋውም የ265 እጥፍ፣ 530 ነው።

ይህን ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አንድ የተለመደ አሠራር ነው፤ ለሁሉም መስመር «አምና ሲቀነስ ዘንድሮ» የሚል አንድ ቀመር መቅዳት። ለተሰብሳቢና ለክምችት ይሠራል፤ ለተከፋይ ግን አምና 1,105 ሲቀነስ ዘንድሮ 840፣ ሲደመር 265 ብሎ ይሰጣል። ለዕዳ ቀመሩ መገልበጥ አለበት።

ምልክቱ ሲታረም ከመደበኛ ሥራ የተገኘው 2,300 ይሆናል። የተጣራው ጭማሪ 740፣ መዝጊያው 2,580 ነው። አሁን መግለጫው ከ2,616 በ36 ያንሳል። ልዩነቱ አቅጣጫውን ቀይሯል። 494 የነበረው የ530 እና የ36 ልዩነት እንደነበረ አሁን ግልጽ ነው፤ አንዱ አብዝቶ፣ ሌላው አሳንሶ።

36 ለ9 ይካፈላል። እዚህ ላይ አሃዝ የተለዋወጠበት መስመር ፍለጋ ብዙ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። የ9 ፈተና ጥቆማ እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ ከዘጠኝ ቁጥሮች አንዱ እንዲያውም ምንም ሳይለዋወጥ ለ9 ይካፈላል። ስለዚህ ከዚያ በፊት የመጀመሪያውን ጥያቄ እንመልስ፤ 36 የሚል መስመር አለ ወይ? አለ፤ «በእጅ ባለ የውጭ ምንዛሪ ላይ የታየ ትርፍ»።

የ36ቱ ጉዳይ

ይህን በቅርብ ማየት ይጠቅማል፤ ብዙ መግለጫዎች የማይዘጉት በዚህ ምክንያት ነውና። ድርጅቱ በውጭ ምንዛሪ የተከፈተ የባንክ ሒሳብ አለው። ዓመቱን ሙሉ 12,000 አሃድ ተቀምጦበታል፤ አልገባበትም፣ አልወጣበትም። በዓመቱ መጀመሪያ የአንዱ አሃድ ምንዛሪ 50 ስለነበር በመጽሐፉ 600 ሺህ ተብሎ ተመዝግቧል። በዓመቱ መጨረሻ ምንዛሪው 53 ሆነ፤ ያው 12,000 አሃድ አሁን 636 ሺህ ነው። ማንም ገንዘብ አላስገባም፤ ነገር ግን በባላንስ ሺቱ ላይ ያለው ጥሬ ገንዘብ በ36 ሺህ ጨመረ።

ይህ 36 በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ውስጥ ገብቷል፤ የዓመቱ ትርፍ 2,346 እሱን ይዟል። የፍሰት መግለጫ አዘጋጁ «ይህ የገንዘብ እንቅስቃሴ አይደለም» ብሎ ከትርፉ ላይ ቀነሰው። ትክክል ነው። የረሳው ግን ቀጣዩን ነው። ገንዘቡ ባይንቀሳቀስም የጥሬ ገንዘቡ ቀሪ ግን ተለውጧል፤ ስለዚህ መነሻውን ከመዝጊያው ለማገናኘት ያ 36 ከሦስቱ ክፍሎች በታች፣ ከተጣራው ጭማሪ ቀጥሎ፣ «የምንዛሪ ለውጥ በጥሬ ገንዘብ ላይ ያስከተለው ውጤት» ተብሎ ለብቻው መመለስ አለበት። አይኤኤስ 7 ይህን መስመር ከሥራ፣ ከኢንቨስትመንትና ከፋይናንስ ለይቶ እንዲቀመጥ በግልጽ ይጠይቃል።

ከላይ ተቀንሶ ከታች ካልተመለሰ መግለጫው በ36 ያንሳል። ከላይ ሳይቀነስ ከታች ቢጨመር ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና በ36 ይበዛል። ከላይም ሳይቀነስ ከታችም ሳይጨመር ቢቀር መግለጫው ይዘጋል፤ ግን ከሥራ የተገኘው ገንዘብ 36 ያህል የውሸት ይሆናል። ይህ ሦስተኛው ነው አደገኛው፤ የመዝጊያው ፈተና አይይዘውምና።

አሁን እንዝጋው፤ 1,840 ሲደመር 740፣ ሲደመር 36፣ 2,616። ከባላንስ ሺቱ ጋር ገጠመ።

የተሽከርካሪው ሽያጭም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። በመጽሐፍ 120 የቀረው ተሽከርካሪ በ210 ተሸጠ፤ 90 ትርፍ ተገኘ። ሙሉው 210 በኢንቨስትመንት ክፍል ስለገባ 90ው ከትርፉ ላይ መቀነስ አለበት፤ ካልተቀነሰ መዝጊያው በ90 ይበዛል። የመሣሪያዎቹ ሒሳብ ሲሄድ እንዲህ ነው፤ 4,300 መነሻ፣ ሲደመር ግዢ 1,520፣ ሲቀነስ እርጅና 640፣ ሲቀነስ የተሸጠው 120፣ 5,060። ባላንስ ሺቱ 5,060 ካለ ሦስቱ መስመሮች በአንድ ጊዜ ተረጋገጡ። ብድሩም 2,000 ሲደመር 800 ሲቀነስ 450፣ 2,350 ላይ ማረፍ አለበት። የተጠራቀመ ትርፍም በ2,346 አድጎ በ600 የትርፍ ድርሻ ይቀንሳል፤ በተጣራ 1,746 መጨመር አለበት። የተወሰነው የትርፍ ድርሻ ሁሉ ባይከፈል ግን ልዩነቱ በዕዳ ውስጥ ይገኛል፤ በፍሰት መግለጫው የሚገባው የተከፈለው ብቻ ነው።

ቢዘጋም ልክ ያልሆነ

መዝጊያው መግጠሙ የሚያረጋግጠው ድምሩን ነው፤ ድልድሉን አይደለም። የተወሰደውን 800 ብድር አንድ ሰው በስሕተት ከሥራ በተገኘ ገንዘብ ውስጥ ቢያስገባው መዝጊያው ያው 2,616 ነው። ድርጅቱ ግን ከሥራው ብዙ የሚያገኝ መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው መዝጊያው ከገጠመ በኋላም የብድር ሒሳቡን እንቅስቃሴ ለብቻው ማየት የሚገባው።

በጣም የሚደጋገመው ደግሞ በዱቤ የተገዛ ንብረት ነው። ለምሳሌ 300 የሚያወጣ መሣሪያ ተገዝቶ ዓመቱ ሲዘጋ ገና ካልተከፈለ፣ 300ው ከመሣሪያ ጭማሪ ውስጥም ከተከፋይ ሒሳብ ጭማሪ ውስጥም አለ። ሁለቱን ለውጦች እንዳሉ ከባላንስ ሺት የሚወስድ ሰው በኢንቨስትመንት 300 ይቀንሳል፣ በሥራ 300 ይደምራል። ይጣፋሉ፤ መግለጫው ይዘጋል። ነገር ግን ያልተከፈለ 300 እንደተከፈለ፣ ከሥራ ያልተገኘ 300 እንደተገኘ ተጻፈ። ትክክለኛው አሠራር ከሁለቱም ማውጣትና ጉዳዩን በማስታወሻ መግለጽ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ያለውን የተከፋዮች ዝርዝር ዘርግቶ ለዕቃና አገልግሎት ያልሆነ፣ ለቋሚ ንብረት የተያዘ ዕዳ አለ ወይ ብሎ ማየት።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ልዩነቱን «ሌሎች» በሚል መስመር መሙላት ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ሰው 494 ሲያጣ «ሌሎች የሥራ እንቅስቃሴዎች (494)» ብሎ ቢጨምር መግለጫው በአንድ ደቂቃ ይዘጋል፤ ሁለት እውነተኛ ስሕተቶች ግን ከሥሩ ይቀበራሉ። «ሌሎች» የሚል መስመር ሲያጋጥም ምን ምን እንደያዘ ዝርዝር መጠየቅ ነው። ከመዝገብ ላይ የሚወጡ እውነተኛ ሒሳቦች ከሌሉት መሙያ ነው።

በሠንጠረዥ ሶፍትዌር ሲሠራ

በኤክሴል የሚያዘጋጁ ከሆነ መዝጊያውን የሚያሰላው ሴልና ከባላንስ ሺት የመጣው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ሴሎች ይሁኑ፤ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት የሚያሳይ ሦስተኛ ሴል ይኑር። መነሻው በB4፣ ሦስቱ ንዑስ ድምሮች በB13፣ በB17ና በB22፣ የምንዛሪው ውጤት በB24፣ ከባላንስ ሺት የመጣው መዝጊያ በB27 ቢሆን፦

```
=ROUND(B4+B13+B17+B22+B24-B27, 0)
```

ይህ ዜሮ መሆን አለበት። የተጣራውን ጭማሪ «መዝጊያ ሲቀነስ መነሻ» ብሎ ማስላት ግን ፈተናውን ከሥሩ ያጠፋዋል፤ ጭማሪው ከሦስቱ ክፍሎች ድምር ብቻ ነው መምጣት ያለበት።

ሁለት ነገሮች እዚህ ያሳስታሉ። አንደኛው ከዝርዝሩ ግርጌ አዲስ መስመር ሲጨመር የ`SUM` ክልል ላይዘረጋ መቻሉ ነው፤ ቁጥሩ ዓይን ላይ ይታያል፣ ድምሩ ውስጥ ግን የለም። ሁለተኛው ከሌላ ሥርዓት የተገለበጠ ቁጥር እንደ ጽሑፍ ሆኖ መቀመጡ ነው፤ `SUM` በክልሉ ውስጥ ያገኘውን ጽሑፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ይዘለዋል። በሥራ ክፍል ሰባት መስመር ካለ ይህ ሰባት ማለት አለበት፦

```
=COUNT(B6:B12)
```

ስድስት ካለ አንዱ ቁጥር መስሎ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ብዙ ጊዜ ክፍት ቦታ አብሮት ተገልብጦ ነው።

የመጨረሻው የመጠጋጋት ጉዳይ ነው። በሺህ በሚቀርብ መግለጫ የ1 ወይም የ2 ልዩነት ሊወጣ ይችላል። 10.4፣ 10.4 እና 10.4 ሲደመሩ 31.2 ናቸው፤ ተጠጋግቶ 31። መስመሮቹ ግን እያንዳንዳቸው 10 ተብለው ይታተማሉ፣ ድምራቸው 30። ስሕተት የለም። ነገር ግን ልዩነቱ የመጠጋጋት ነው የሚባለው በሙሉ ቁጥር፣ ሳይጠጋጋ፣ ከመዝገብ ሲሰላ ዜሮ ከሆነ ብቻ ነው። በሙሉ ቁጥር ሲሰላ 1,200 ቢቀርና በሺህ ሲታይ 1 ቢመስል፣ ያ 1,200 የሆነ ሒሳብ ውስጥ ያለ፣ ገና ያልተገኘ ገንዘብ ነው። አንዳንዴ የ90 ሺህ መብዛትና የ88,800 መጉደል ተጣፍተው የቀሩት ትርፍራፊ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትንሽነቱን አይተው አይለፉት፤ መጀመሪያ ባልተጠጋጋው ቁጥር ዜሮ ያድርጉት፣ ከዚያ ወደ ሺህ ይለውጡት። ሲታተም የግድ ማስተካከል ካስፈለገም 1ዱ ከመስመሮቹ በትልቁ ላይ ይስተካከል እንጂ መነሻውና መዝጊያው አይነኩ፤ ሁለቱ ከአምናው መግለጫና ከባላንስ ሺቱ ጋር መግጠም አለባቸውና።